አንዲት «ኢ» እና የነገ እንጀራ

ቢሮዬ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ነው። በሩ ላይ «የትርጉም አገልግሎት» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። የምንተረጉመው የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ውል፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የውክልና ሥልጣን ነው። ዋጋችን በገጽ ነው፤ ገጹ ሙሉም ይሁን ሦስት መስመር ልዩነት የለውም። በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት የቆየ ሰው ቃላት አያስደነግጡትም። የሚያስደነግጠው ያልተነበበ ማኅተም ነው።

ባለፈው ጥር አንድ ጎልማሳ ሰው ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ ያረጀች ካርድ ይዘው መጡ። አያታቸው እዚሁ ከተማ ተወልደው እዚሁ የተቀበሩ ግሪካዊ ነበሩ። ካርዷ ላይ በግሪክኛ የታተመው አባታችን ሆይ ነው። የአያታቸውን ሙት ዓመት ለማሰብ ዘመድ ሲሰበሰብ የሚታደል ካርድ ማሳተም ፈልገዋል፤ በአንድ ገጽ ግሪክኛው፣ በሌላው ገጽ አማርኛው እንዲሆን። እኔም በወጣትነቴ ነገረ መለኮት ስማር ሁለት ዓመት ግሪክኛ ስለ ተማርሁ ሥራው ቀላል መሰለኝ። የአማርኛውን ጸሎት በቃሌ አውቀዋለሁ፤ አጠገቡ ማስቀመጥ ብቻ ነው።

«አይደለም» አሉኝ። «በአማርኛ የሚባለውንማ እኔም አውቀዋለሁ። የምፈልገው አያቴ ምን ይሉ እንደ ነበር ነው። ከግሪክኛው በቀጥታ ይተርጉሙልኝ።»

ተስማማን። በነጋታው ጠዋት ቁጭ ብዬ ጀመርሁ። ሰማይ፣ ስም፣ መንግሥት፣ ፈቃድ፣ ምድር፤ ሁሉም ያለ ችግር ሄደ። ከዚያ ወደ እንጀራው ስደርስ ቆምሁ። ሁለት ሳምንት የበላብኝ ከ«እንጀራ» ቀጥሎ ያለው አንድ ቃል ነው።

ቃሉ «ኤፒኡሲዮስ» ይባላል። እኛ «የዕለት» የምንለው በእሱ ቦታ ነው። በአዲስ ኪዳን ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ይገኛል፤ አንዱ በማቴዎስ 6፥11፣ ሌላው በሉቃስ 11፥3። ሁለቱም ያው አንድ ጸሎት ናቸው። «ዲዳኬ» በተባለው ጥንታዊ የክርስቲያኖች መመሪያም አለ፤ እዚያም ቢሆን የተጠቀሰው ይኸው ጸሎት ነው። ከዚህ ውጭ፣ ከጸሎቱ በፊት በተጻፈ በአንድም የግሪክ ጽሑፍ ውስጥ አልተገኘም። ገጣሚ አልተጠቀመበትም፣ ነጋዴ አልተጠቀመበትም፣ ሐኪም አልተጠቀመበትም።

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ የትርጉም ሠራተኛ ወዲያው ይገባዋል። መዝገበ ቃላት የሚሠራው ቃሉን በተለያየ ቦታ እየያዙ ነው። አንድ ቃል በገበያ፣ በፍርድ ቤት፣ በለቅሶ ቤት ሲነገር ሰምተህ የሚያገናኘውን ትርጉም ታወጣለህ። አንድ ቦታ ብቻ የሚኖር ቃል ግን ከዚያ ቦታ ውጭ ምስክር የለውም። መዝገበ ቃላቱን ስትከፍት የሚሰጥህ መልሶ ያንኑ ጸሎት ነው። ጸሎቱን ለመረዳት ወደ መዝገበ ቃላት ትሄዳለህ፣ መዝገበ ቃላቱ ወደ ጸሎቱ ይመልስሃል።

ችግሩ የዘመናችን ሰዎች ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእስክንድርያ ተወልዶ ግሪክኛን ከእናቱ ጋር የተናገረው ኦሪገን፣ በ230ዎቹ (ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ስለ ጸሎት ባዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ ይህን ቃል ያነሣዋል። ቃሉ በሊቃውንቱ ዘንድ እንደማይገኝ፣ ተራው ሕዝብም በአነጋገሩ እንደማይጠቀምበት፣ ወንጌላውያኑ የፈጠሩት እንደሚመስል ይናገራል። ኦሪገን ከወንጌሉ የሚርቀው ሁለት መቶ ዓመት እንኳ በማይሞላ ጊዜ ነው። ቋንቋው የራሱ ነው፤ ያነበበው መጽሐፍ ስፍር ቁጥር የለውም። እሱ «ሰምቼው አላውቅም» ካለ እኔ በአራት ኪሎ ምን ልል ነው?

ምስክር የሌለው ቃል ሲገጥም የሚቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ቃሉን ፈትቶ ከምን እንደ ተሠራ ማየት። ታሪኩ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉ ነገር በአንዲት አናባቢ ላይ ያርፋልና።

ቃሉ «ኤፒ» በሚለው መስተዋድድ የሚጀምር ይመስላል፤ «ላይ፣ ወደ፣ ለ» እንደ ማለት ነው። የቀረው «ኡሲያ» ከሚለው ስም የመጣ ነው ብንል፣ ኡሲያ መኖር፣ ሀላዌ፣ ባሕርይ ማለት ስለ ሆነ «ለመኖር የሚያስፈልገን እንጀራ» ይሆናል። ወይም መስተዋድዱን «በላይ» ብለን ከወሰድነው «ከባሕርይ በላይ የሆነ እንጀራ» ይሆናል። ኦሪገን ራሱ የያዘው ይህን የኡሲያን መንገድ ነው፤ እንጀራውንም የነፍስ ምግብ አድርጎ ፈታው።

ነገር ግን አንድ እንቅፋት አለ። ግሪክኛ ሁለት አናባቢ ሲገናኙበት አንዱን ይውጣል። እኛም እናውቀዋለን፤ «ለ» እና «አንተ» ሲገጥሙ «ላንተ»፣ «የ» እና «እኔ» ሲገጥሙ «የኔ» ይሆናሉ። «ኤፒ» ደግሞ ከአናባቢ ፊት ሲቆም የመጨረሻዋን «ኢ» ይጥላል። ለምሳሌ ሰማይ «ኡራኖስ» ነው፤ ከኤፒ ጋር ሲጋጠም «ኤፑራኒዮስ»፣ ማለትም ሰማያዊ፣ ይሆናል። «ኢ»ዋ የለችም። በዚህ ሥርዓት ኤፒ ከኡሲያ ጋር ቢጋጠም መውጣት የነበረበት «ኤፑሲዮስ» ነው። የእኛ ቃል ግን ኤፒኡሲዮስ ነው። መውደቅ የነበረባት «ኢ» ቆማለች።

ሌላው መንገድ ይህችን «ኢ» በቀላሉ ያስረዳል። መሄድና መምጣት የሚል ግስ አለ፤ ከዚህ ግስ የሚወጣው ቅጽል «ኢኡሳ» ይላል። ከኤፒ ጋር ሲጋጠም የኤፒ «ኢ» እንደ ደንቡ ትወድቅና «ኤፒኡሳ» ይሆናል። እዚህ ላይ የምትታየው «ኢ» የመስተዋድዱ አይደለችም፣ የግሱ የራሱ ናት። ኤፒኡሳ ደግሞ የታወቀ ቃል ነው፤ «የሚመጣው፣ የሚቀጥለው» ማለት ሲሆን፣ ብቻውን ሲነገር የሚቀጥለው ቀን ማለት ነው። የሐዋርያት ሥራ 16፥11 ላይ ጳውሎስ በመርከብ ሲጓዝ «በነገውም» የሚለው በዚሁ ቃል ነው። የሐዋርያት ሥራን የጻፈው ሉቃስ፣ ጸሎቱንም ከጻፉት ከሁለቱ አንዱ መሆኑን ልብ ይሏል። ስለዚህ ከኤፒኡሳ ኤፒኡሲዮስ ተሠራ ብንል «የሚመጣው ቀን እንጀራ» ይሆናል፤ በአጭሩ የነገ እንጀራ።

ፍጹም ማስረጃ አይደለም። «ኢ»ዋን ሳይጥሉ የሚቀሩ ጥቂት የግሪክ ቃላት አሉ፤ በሐሰት የሚምል ሰው «ኤፒዮርኮስ» ይባላል፣ «ኢ»ዋም በቦታዋ አለች። ስለዚህ የኡሲያ ወገን ከችሎቱ አልተባረረም። እኔ ግን ሚዛኑ ወደ ነገ ያጋደለ ይመስለኛል።

ለዚህ ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱን ያየሁት በግሪክኛው ሳይሆን በራሳችን መጽሐፍ ቅዱስ ነው። የሉቃስ ወንጌል በአማርኛ «የዕለት እንጀራችንን ዕለት ዕለት ስጠን» ይላል። በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ «ዕለት»። ልጅ ሆኜ ሳነበው የቅኔ ድግግሞሽ ይመስለኝ ነበር። ግሪክኛውን ስከፍት ግን ድግግሞሹ የለም። «ዕለት ዕለት» የሚለውን ሉቃስ የጻፈው በተራና በታወቀ የግሪክ አነጋገር ነው። ታዲያ «በየዕለቱ» የሚል ቃል በእጁ ላይ እያለ፣ ያንኑ ሐሳብ ለማለት በዚያው መስመር ላይ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ቃል ለምን ያመጣል? ለዕለት ምግብ የሚሆን ቅጽልም ግሪክኛ አላጣም፤ የያዕቆብ መልእክት 2፥15 «የዕለት ምግብ» ሲል «ኤፌሜሮስ» በሚል ቀላል ቃል ነው። የተለመደውን ትቶ እንግዳውን የመረጠ ሰው፣ የተለመደው ያልያዘለት ነገር ነበረው ብዬ አምናለሁ።

ያ ሰው ራሱም ተርጓሚ እንደ ነበር መርሳት የለብንም። ኢየሱስ ደቀ መዛሙርቱን ያስተማረው በአረማይክ እንደ ነበር አብዛኞቹ ሊቃውንት ይስማማሉ። ስለዚህ ኤፒኡሲዮስ የአንድ የጠፋ አረማይክ ቃል ትርጉም ሳይሆን አይቀርም። ማቴዎስና ሉቃስ ይህን ብርቅ ቃል በአንድ ላይ መያዛቸው ደግሞ፣ ሁለቱም ጋ የደረሰው ቀድሞ ወደ ግሪክኛ የተመለሰ ጸሎት መሆኑን ያሳያል። እኔ ለአንድ ካርድ ሁለት ሳምንት ስታገል፣ ስሙ ያልተመዘገበ አንድ ሌላ የትርጉም ሠራተኛ ከእኔ በፊት እዚያው መስመር ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው። እሱስ ቃል ፈጠረ። እኔ ያንን ባደርግ ደንበኛው ገንዘቡን አይከፍለኝም።

እንግዲህ ሁለተኛ ምስክር ቢገኝ ኖሮ ክርክሩ ባበቃ ነበር። ለሰባ ዓመት ያህል የተገኘ መስሎ ነበር።

እንግሊዛዊው ፍሊንደርስ ፔትሪ በግብፅ ፋዩም፣ ሐዋራ በተባለ ቦታ ሲቆፍር ፓፒረስ የሚባል የጥንት የደንገል ወረቀት ብዙ ቁርጥራጮች አወጣ። አርኪባልድ ሴይስ የተባለው ምሁር አነበባቸውና በ1889 ታተሙ። ከእነሱ መካከል አንዱ የአንድ ቤት ወጪ ዝርዝር ነበር፤ ይህን ያህል ለዚህ፣ ይህን ያህል ለዚያ። በአንዱ መስመር ላይ ሴይስ «ኤፒኡሲ» ብሎ አነበበ፤ ከአጠገቡም ግማሽ ኦቦል የሚል ዋጋ ነበረ። ኦቦል የድራክማ ስድስተኛ ነው፤ ግማሹ ኢምንት ሳንቲም ነው። ጽሑፉ በ1915 በሌላ የፓፒረስ ስብስብ ውስጥ እንደ ገና ታተመ፤ በ1925 ደግሞ አንድ የግሪክ ሰዋስው ሊቅ አይቶት ቃሉ ከጸሎታችን ቃል ጋር አንድ መሆኑን አስታወቀ። ደስታው ትልቅ ነበር። የዕለት ቀለብ ማለት ነው፣ የቤት አስቤዛ ቃል ነው፣ ምስጢር የለውም ተባለ።

ይህን ሳነብ በአእምሮዬ የመጣችው ከቢሯችን ጀርባ ባለው ቅያስ እንጀራ የሚጋግሩ እናት የዱቤ ደብተር ናት። ደብተሯን አይቻታለሁ፤ የራሴ ስም ያለባት ስለ ሆነ ለማየት መብት አለኝ። ስሜ የለም፤ «ላይ ቤት» ነው የሚለው። ከሥሩ «12»፣ ከዚያ «ዘ ግማ»፣ ከዚያ የተሰረዘ ቁጥር። እማማ ለራሳቸው ነው የጻፉት። «ዘ ግማ» ግማሽ ሊትር ዘይት መሆኑን የማውቀው ዘይቱን የተበደርሁት እኔ ስለ ሆንሁ ነው። ያቺ ደብተር ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ከአፈር ብትወጣ፣ ባነበባት ሰው ላይ ምን እንደምታደርግ አሰብሁና ሳቅሁ።

ሳቄ ቶሎ ነበር የመጣው። የፓፒረሱም ነገር ያው ሆኖ ተገኘ። በ1957 አሜሪካዊው ብሩስ ሜትዝገር ይህ ቃል ከጸሎቱ ውጭ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ሲመረምር፣ ሁሉም የሚጠቅሰው ፓፒረስ ራሱ የት እንዳለ አልታወቀም። ሊፈተሽ አልቻለም፤ ሴይስም በንባቡ ሁልጊዜ የሚታመን ሰው አልነበረም። ሁሉም የያዘው የአንድ ሰው ንባብ ነው። ከዚያ በ1998 ፓፒረሱ በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ባይነኪ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተገኘ። ሁለት ምሁራን በጥንቃቄ አነበቡትና ውጤቱን በ1999 አሳተሙ። ቃሉ ኤፒኡሲዮስ አይደለም። «ኤላዩ» ነው፤ ዘይት።

ሁለቱን ቃላት በግሪክ ፊደል ጎን ለጎን ጽፌ አየኋቸው። ሁለቱም በ«ኤ» ይጀምራሉ። «ኢ» እና «ኡ» የሚሉት ድምፆች በሁለቱም ውስጥ ተከታትለው ይገኛሉ። የሚለያዩት በመካከል ነው፤ በአንዱ «ፒ»፣ በሌላው «ላ»። የግሪኩ «ፒ» ሁለት እግር ያለው ፊደል ነው። ችኩል እጅ በጻፈው ደብዛዛ መስመር ላይ ሁለቱን የ«ላ» ፊደላት አንድ ፊደል አድርጎ ማየት ለእኔ ለመረዳት አይከብደኝም። በዚያ ላይ የሰው ዓይን የሚያውቀውን ይፈልጋል። ቄስ የሆነው ሴይስ አባታችን ሆይን ሺህ ጊዜ ደግሞታል።

ስለዚህ ምስክሩ ዘይት ሆኖ ቀረ። ቃሉ ወደ ብቸኝነቱ ተመለሰ።

ታዲያ የጥንት ተርጓሚዎች ምን አደረጉ? የላቲኑ ሄሮኒሞስ ከሁሉ ይገርመኛል። በ380ዎቹ የቀድሞውን የላቲን ወንጌል ሲያርም፣ ያው አንድ ቃል በማቴዎስ ላይ ሲገጥመው ክፍል በክፍል ተርጉሞ «ከባሕርይ በላይ የሆነ» የሚል ከባድ ቃል አስገባ፤ በሉቃስ ላይ ሲገጥመው ግን የነበረውን «የዕለት» እንዳለ ተወው። አንድ ሰው፣ አንድ ቃል፣ አንድ ጸሎት፣ ሁለት ትርጉም። ያም አልበቃ ብሎ በማቴዎስ ማብራሪያው ላይ፣ «እንደ ዕብራውያን» በተባለው ወንጌል ውስጥ በዚህ ቦታ «ማሐር» የሚል ቃል እንዳገኘ ጻፈ። ማሐር በዕብራይስጥ ነገ ማለት ነው። በቢሯችን እንዲህ ዓይነት ሥራ ቢቀርብ የምትፈርመው ባልደረባዬ ትመልሰው ነበር። የላቲን ቤተ ክርስቲያን ሕዝብ ግን በጸሎቱ «የዕለት» ማለቱን ቀጠለ።

ሶርያውያን «የሚያስፈልገን እንጀራ» አሉ። ግብፃውያን ደግሞ ቦሐይሪ በተባለው የቅብጥ ቀበልኛ «የነገ እንጀራችንን ዛሬ ስጠን» አሉ፤ የቅብጥ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም በዐረብኛ ስትጸልይ የነገ ነው የምትለው። ይህን ሳውቅ ቆም አልሁ። ጳጳሳት ለብዙ መቶ ዓመታት የመጡልን ከዚያው ነው። ቅዳሴያችን በብዙ ነገር ይመሳሰላል። በዚህ አንድ መስመር ላይ ግን እነሱ ነገን ይለምናሉ፣ እኛ ዕለቱን።

የእኛው ግእዝ «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» ይላል። ይህን መስመር በልጅነቴ ያለ ትርጉም ተምሬዋለሁ፤ አሁን እንደ ባለሙያ ስመለከተው የአክሱም ዘመን ተርጓሚ ያደረገው ነገር አስደሰተኝ። በመጀመሪያ «ኅብስት» አላለም። ግሪክኛው ኅብስት ነው የሚለው፤ እሱ ግን «ሲሳይ» አለ፤ ሰውን የሚያኖር ምግብ ሁሉ። ቀጥሎ የኡሲያን መንገድ አልያዘም። ቢፈልግ «ሀላዌ» የሚል ቃል ነበረው፤ በኋላ በሃይማኖት ክርክር ብዙ የተሠራበት ቃል ነው። አልነካውም። የነገንም መንገድ አልያዘም፤ «ጌሠም» የሚል ቃል ነበረው። እሱንም ተወው። «ዘለለ ዕለትነ» አለ፤ የየዕለታችን፣ ለእያንዳንዱ ቀናችን የሚሆን። «ለለ» ቀኑን አንድ በአንድ ይከፋፍለዋል። ደግሞ «ነ»ን ሁለት ጊዜ አስቀመጣት፤ ሲሳያችን፣ ዕለታችን። ግሪክኛው «የእኛ» የሚለው እንጀራውን ብቻ ነው። ቀኑም የእኛ የሆነው በግእዝ ነው።

መጀመሪያ ይህን እንደ ሽሽት ቆጥሬው ነበር፤ ያልገባውን ቃል በሚገባ ቃል ሸፈነው ብዬ። አሁን እንደዚያ አልልም። በአንድምታ ትርጓሜ ሊቁ አንድ ፍቺ ሰጥቶ «አንድም» ይልና ሌላ ይጨምራል፤ እንደ ገና «አንድም» ይላል። ማንም አይቆጣውም። ጸሎት ላይ ግን «አንድም» ማለት አይቻልም። የሚጸልይ ሰው «የነገውን፣ አንድም የሚያኖረንን፣ አንድም ከባሕርይ በላይ የሆነውን» እያለ እጁን ዘርግቶ ሊቆም አይችልም። አንዱን መምረጥ ግድ ነው። «ለለ ዕለት» ደግሞ ነገም ዕለት ስለ ሆነ ነገን አያስወጣም፤ ሲሳይም የሚያኖር ስለ ሆነ የኡሲያን ትርጉም ሙሉ በሙሉ አያባርርም። ከቀረቡት ሁሉ ብዙ በር የማይዘጋው ይህ ይመስለኛል።

የነገን ትርጉም የሚቃወሙ ሰዎች ጠንካራ ጥያቄ አላቸው፤ እዚያው በማቴዎስ ምዕራፍ 6 መጨረሻ ላይ «ለነገ አትጨነቁ» ተብሎ ሳለ የነገን እንጀራ መለመን እንዴት ይሆናል? ይህን ጥያቄ ይዤ አንድ ማክሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ወደ እማማ ወረድሁ። ጥያቄውን አልጠየቅኋቸውም፤ ሒሳቤን ልዘጋ ነው የሄድሁት። ቡሃቃው ክፍት ነበር። ሊጡ ላይ የቆመውን ቢጫ ውኃ በጣሳ እየቀዱ ያፈስሳሉ። ጥቂት ሊጥ ለይተው በፈላ ውኃ ላይ አብሲት ጣሉ፣ አማስለው ሲበርድ ወደ ቡሃቃው መለሱት።

«ዛሬ ነው የሚጋገረው?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ የዛሬው እሑድ ነው የተቦካው። ይሄ የነገ ነው» አሉና በሌላ ዕቃ የተቀመጠውን እርሾ አሳዩኝ። «እሱ ደግሞ የዓርብ ነው።» ከዚያ ደብተራቸውን አወጡ። «ለነገ ስንት ላስቀምጥ? ከፈለግህ አሁን ክፈል፤ ጠዋት የመጣ ሁሉ ይወስደዋል።»

አምስት አልሁና ከፈልሁ። እንጀራ በሚበላ አገር የዛሬ እንጀራ ዛሬ አይጀመርም። ትናንትና ከትናንት ወዲያ ሊጥ የነበረ ነው። ነገ የሚበላ ቤት ዛሬ ማታ ቡሃቃው ባዶ መሆን የለበትም። በቀን ሥራ የሚኖር ሰውም ቢሆን ዛሬ ማታ የሚቀበለው ገንዘብ ነገ የሚበላበት ነው። «የነገን እንጀራ ዛሬ ስጠን» ማለት ለእንዲህ ዓይነት ሰው ጎተራ ሙላልኝ ማለት አይደለም። ሌሊቱን ሳይጨነቅ ይተኛ ዘንድ የሚጠይቀው ትንሹ ነገር ነው። በበረሃ መናው ሲወርድ ለነገ ያስቀመጠ ሰው ትል አገኘበት፤ ግን ዓርብ ዕለት የነገው ጭምር ዛሬ ይሰበሰብ ነበር፣ አልተላም። ሁለቱም በዘፀአት 16 ውስጥ አሉ። ጸሎቱም በጠዋት ከተጸለየ ኤፒኡሳ የነጋው ቀን ራሱ ሊሆን ይችላል፤ በማታ ከተጸለየ ደግሞ የሚነጋው ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቀኑ ከዋዜማው ስለሚጀምር ይህ እንግዳ አይሆንብንም።

ለካርዷ ሦስት ረቂቅ አዘጋጀሁ። አንዱ «የሚመጣውን ቀን እንጀራችንን ዛሬ ስጠን» ይላል፤ በእኔ እምነት ለግሪክኛው ከሁሉ የቀረበው እሱ ነው። ሁለተኛው «ለመኖር የሚያስፈልገንን እንጀራ» ይላል። ሦስተኛው ሁላችን የምናውቀው «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» ነው። ደንበኛው ሲመጡ ሦስቱንም በጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ያገኘሁትን ሁሉ ነገርኋቸው፤ ኦሪገንን፣ «ኢ»ዋን፣ ዘይቱን። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ቃሉን እንዴት ነው የሚሉት?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ኤፒኡሲዮስ።»

«እሱንማ አውቀዋለሁ» አሉ፤ ፊታቸው ተለወጠ። «አያቴ ሱቅ ነበራቸው። ጠዋት መዝጊያውን ወደ ላይ ሲገፉ አብሬያቸው ነበርሁ። ‹ለኤፒኡሲዮን ነው› ይሉ ነበር። ገበያ የጠፋበት ቀን ማታ ሲዘጉም ‹ዛሬ ኤፒኡሲዮን አልወጣም› ይሉ ነበር። ጸሎት መሆኑን አላውቅም ነበር። ‹እንጀራዬ› ማለታቸው ነው እንጂ።»

ትክክል ናቸው። በዛሬው ግሪክኛ ቃሉ አለ፤ ሰው ሠርቶ የሚያገኘው የዕለት ጉርስ ማለት ነው። ግን ከጸሎቱ በፊት ከነበረ አነጋገር የመጣ አይደለም። ሕዝቡ ጸሎቱን ሲደግም ኖሮ ቃሉን ከጸሎቱ አውጥቶ ወደ ሱቅ ወሰደው፤ ልክ እኛ «እንጀራ ፍለጋ ሄደ» እንደምንለው። ኦሪገን በገበያ አልሰማሁትም ያለው ቃል በፒያሳ ገበያ ተሰማ።

ሰውየው ሦስተኛውን ረቂቅ አነሡና ሁለቱን መለሱልኝ። እኔም የአንድ ገጽ ዋጋ ተቀበልሁ።